የሦስቱ አማካይ 8,000 ከሆነ በ8,400 ሸጠን እንዴት ከሰርን?

ሂሳብ ያዧ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ሐረር አንድ ነጋዴ ጋ ሂሳብ እይዛለሁ። አሠሪዬ ኦቾሎኒ ከገጠር እየገዛ ድሬ ዳዋ በጅምላ ይሸጣል። ሰሞኑን አንድ ነገር ገጥሞኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የምንገዛው ከሦስት ቦታ ነው። ከባቢሌ፣ ከጉርሱምና ከፈዲስ። በየቦታው አንድ አንድ ገዢ አለን። ገዢው በየገበያው ቀን ትንሽ ትንሽ ይሰበስብና መጨረሻ ላይ ደውሎ “ኩንታሉን በአማካይ በዚህ ያህል ገዛሁ” ይለኛል። በዚህኛው ዙር የነገሩኝ ይሄ ነው። ባቢሌ 9,000 ብር፣ ጉርሱም 7,800 ብር፣ ፈዲስ 7,200 ብር።

እኔ ሦስቱን ኤክሴል ላይ ጻፍኩና አማካይ አወጣሁ። 8,000 መጣ። አሠሪዬ “በኩንታል 400 ካተረፍን ይበቃናል” አለና ሁሉንም በ8,400 ሸጠ። በጠቅላላ የገዛነው 56 ኩንታል ነው። ስለዚህ 22,400 ብር ትርፍ ጠበቅን።

ሳጥኑ ሲቆጠር ትርፍ የለም። ጭራሽ ከዋናው ገንዘብ 19,200 ብር ጎድሏል። ከተጠበቀው ጋር ሲደመር 41,600 ብር ጠፋ ማለት ነው። አሠሪዬ የባቢሌውን ገዢ ጠረጠረ። ልጁ ደግሞ የገዛ እህቱ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ሊበጣበጥ ነው። እኔም ሂሳቡን አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ድምሩ ልክ ነው። ምን አመለጠኝ?

---

ገንደ ቆሬ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡24

አቦ ኦቾሎኒ መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሎ የማይቆረጥም ማን አለ? 41 ሺህ ብር ግን ብዙ ነው፣ ጥርስም አይችለው 😂

---

ኢንጂነሩ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡31

ቀላል ነው። የአማካይ አማካይ አይወሰድም። በቃ ሕግ ነው። ሁሌም ስህተት ነው። ሦስት አማካይ ደምሮ ለሦስት ማካፈል የሚባል ነገር የለም። ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላይ ተምረነዋል።

---

ሂሳብ ያዧ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

እሺ፣ ግን ለምን? አሠሪዬ ፊት ቆሜ “ሕግ ነው” ብለው ይሰማኛል? ደግሞ ሁሌ ስህተት ከሆነ ባለፈው ዓመት እንዴት ልክ ይመጣልኝ ነበር? የምሠራው እንዲሁ ነበር።

---

ጋሽ ባቡር · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

ልጄ፣ እኔ ድሬ ዳዋ ምድር ባቡር ሂሳብ ክፍል ነው ጡረታ የወጣሁት። አንድ ነገር አልነገርሽንም። ከየቦታው ስንት ስንት ኩንታል ነው የገዛችሁት? ባለፈው ዓመትስ ስንት ስንት ነበር?

---

ሂሳብ ያዧ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡12

ጋሼ፣ አምና ከየቦታው 20፣ 20 ኩንታል ነበር። አሠሪዬ እንደዛ ብሎ ከፋፍሎ ነበር የሚሰጣቸው። ዘንድሮ ግን የባቢሌው ጥሩ ነው ተብሎ ከዛ በዛ አድርገን ገዛን። ባቢሌ 40፣ ጉርሱም 10፣ ፈዲስ 6።

---

ጋሽ ባቡር · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡30

እሱ ነዋ ነገሩ። ወረቀት አውጪና አብረን እንሥራው።

አማካዩን ለጊዜው እርሺው። ከኪሳችሁ የወጣውን ብር ብቻ እንቁጠር። ባቢሌ 40 ኩንታል በ9,000 ሲሆን 360,000 ብር። ጉርሱም 10 በ7,800 ሲሆን 78,000። ፈዲስ 6 በ7,200 ሲሆን 43,200። ድምሩ 481,200 ብር ነው። ይሄን ለ56 ኩንታል አካፍይው። 8,592 ብር ከ86 ሳንቲም ይመጣል።

አየሽ፣ አንዱ ኩንታል ወደ 8,600 ገደማ ነው የፈጀባችሁ። በ8,400 ስትሸጡ ገና ከመጀመሪያው በእያንዳንዱ ኩንታል ወደ 193 ብር እየመረቃችሁ ነበር።

8,000 ብር ከየት መጣ? ሦስቱን ዋጋ ደምረሽ ለሦስት ስታካፍዪ ለፈዲስ 6 ኩንታል ልክ ለባቢሌው 40 ኩንታል የሰጠሽውን ድምፅ ሰጠሽው። ዕድር ላይ ስድስት አባወራ ያለው ሰፈርና አርባ አባወራ ያለው ሰፈር እኩል ድምፅ ቢኖራቸው አርባዎቹ ዝም ይላሉ? ርካሹ ትንሽ ሆኖ ሳለ እንደ ትልቁ ጮኸ። ስለዚህ አማካዩን ወደ ታች ጎተተው።

ለአምናው ጥያቄሽ መልሱ ይሄ ነው። 20፣ 20፣ 20 ሲሆን ሁሉም እኩል ድምፅ አለው። ስለዚህ ቀጥታ ደምሮ ለሦስት ማካፈሉም ያው መልስ ይሰጣል። ኢንጂነሩ “ሁሌም ስህተት ነው” ያልከው ትንሽ በዝቷል። ስህተቱ ቡድኖቹ እኩል ካልሆኑ ነው የሚታየው። አምና ልክ የመጣላት በአጋጣሚ ነው፣ ልማዱ ግን ዘንድሮ አስበላት።

---

ኢንጂነሩ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡41

እሺ ጋሼ፣ እኩል ከሆኑ ይሠራል። ያንን ማለቴ ነበር።

ኤክሴል ላይ እንዲህ አድርጊው። ኩንታሉ B ላይ፣ ዋጋው C ላይ ካለ፦

```
=SUMPRODUCT(B2:B4,C2:C4)/SUM(B2:B4)
```

አንቺ የጻፍሽው `=AVERAGE(C2:C4)` ነበር አይደል? እሱ B የሚባል ዓምድ መኖሩንም አያውቅ።

---

ሂሳብ ያዧ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡55

B የሚባል ዓምድ እኔም ጋ አልነበረም 😔 ኩንታሉን ሌላ ደብተር ላይ ነበር የምጽፈው። አሁን ሞከርኩት፣ 8,592.857 አለኝ። ጋሼ እጅዎን ይባርከው።

ግን እስቲ አንዴ። በዚህ ሂሳብ 56 ኩንታል በ8,400 ሲሸጥ 470,400 ነው። ከ481,200 ሲቀነስ ኪሳራው 10,800 መሆን ነበረበት። ሳጥኑ ላይ የጎደለው ግን 19,200 ነው። አሁንም 8,400 ብር የት ገባ?

---

ጋሽ ባቡር · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡02

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከጠፋው 41,600 ውስጥ 33,200ው በአማካዩ የመጣ ነው። 592 ብር ከ86 ሳንቲምን በ56 አባዢው፣ ልክ እዛው ላይ ያርፍልሻል። ይሄ ገንዘብ ደግሞ አልተሰረቀም። ኖሮም አያውቅ። የቀረውን 8,400 ነገ እናየዋለን፣ ዓይኔ ደከመ። ልጁን ግን እስከዛ አትንኩት በያቸው።

---

የደንገጎ ሹፌር · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

ሰላም ጀመዓው። እኔ ኦቾሎኒ አላውቅም ግን አማካይ የሚባል ነገር አቃጥሎኛል። ሚኒባስ ነው የምሠራው፣ ድሬ–ሐረር። ዳገቱ ላይ ተጭኜ በሰዓት 30 እወጣለሁ። ስመለስ በ60 እወርዳለሁ። የመኪናው ባለቤት “አማካይህ 45 ነው” ይለኛል። በዛ አስልቶ ሁሌ ዘገየህ እያለ ይጨቀጭቀኛል። እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ቆሜ ሻይ እንኳን አልጠጣም። እናንተ እንዳላችሁት የኔም መኪና አማካይ ፍጥነት ሲሰላ በጭነት ይባዛ እንዴ? ስወጣ 12 ሰው ነው፣ ስወርድ 8።

---

ኢንጂነሩ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05

ሰዉ ከፍጥነቱ ጋር አይገናኝም ወንድሜ። አንተ ጋ ቡድኖቹ እኩል ናቸው። የወጣኸውና የወረድከው ያው አንድ መንገድ ነው። ኪሎሜትሩ እኩል ስለሆነ ቀጥታ አማካይ ይሠራል። 45 ልክ ነው። ባለቤቱ ልክ ነው፣ ይቅርታ።

---

ሂሳብ ያዧ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡30

እኔም ተመሳሳይ ጥያቄ አለኝ። አሠሪዬ ትናንት የጋሼን ሂሳብ ሳሳየው “እንግዲያው ከዚህ በኋላ ለሦስቱም እኩል ብር ነው የምሰጠው፣ አማካዩም አይዛባም” አለ። ለእያንዳንዳቸው 90,000 ብር ሰጠ። ዛሬ የደወሉልኝ ዋጋ ባቢሌ 9,000፣ ጉርሱም 7,500፣ ፈዲስ 6,000 ነው። አሁን እኩል ስለሆነ 7,500 ብዬ ልጻፍ?

---

ኢንጂነሩ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡34

አዎ። ብሩ እኩል ነው። 7,500።

---

ጋሽ ባቡር · ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡00

ቆይ ቆይ። ሁለቱም ስህተት ነው። ኢንጂነሩ፣ እኩል መሆኑን አየህ፣ ግን ምኑ እኩል መሆን እንዳለበት አላየህም።

መጀመሪያ ሹፌሩን እንየው። ለማስላት እንዲቀለን ዳገቱን 20 ኪሎሜትር እንበለው። በ30 ሲወጣ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል። በ60 ሲወርድ 20 ደቂቃ። በጠቅላላ 40 ኪሎሜትር በአንድ ሰዓት ሄደ። ስለዚህ አማካይ ፍጥነቱ 40 ነው። ባለቤቱ በ45 ሲያሰላ 53 ደቂቃ ይጠብቃል፣ ሹፌሩ ደግሞ በ60 ደቂቃ ይመጣል። ሰባት ደቂቃዋን በየዙሩ የሚሰደብባት ያልሠራት ስህተት ናት።

ለምን? ዳገቱ ላይ የሚቆየው ቁልቁለቱ ላይ ከሚቆየው እጥፍ ጊዜ ነው። ቀርፋፋው ፍጥነት ብዙ ደቂቃ ይዟል። ስለዚህ ድምፁም ይበልጣል።

እኔ ሥራ ስጀምር አለቃችን ያስተማሩን ዘዴ አለች። ቁጥሩን በአማርኛ ጮክ ብለሽ አንብቢው። “በሰዓት 30 ኪሎሜትር።” “በኩንታል 9,000 ብር።” አሁን “በ” የተሸከመችውን ቃል ያዢ። አንዱ ጋ ሰዓት ናት፣ አንዱ ጋ ኩንታል። የምታባዢው በዛች ነው። እኩል መሆን ያለባትም እሷው ናት። ሹፌሩ ጋ ኪሎሜትሩ እኩል ነው፣ ሰዓቱ ግን እኩል አይደለም። አንቺ ጋ ዛሬ ብሩ እኩል ነው፣ ኩንታሉ ግን አይደለም።

በ90,000 ብር ከባቢሌ 10 ኩንታል ይመጣል። ከጉርሱም 12። ከፈዲስ 15። ድምሩ 37 ኩንታል ነው። የወጣው ብር 270,000። ሲካፈል 7,297 ብር ከ30 ሳንቲም። 7,500 አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በይ። ያኛው ጊዜ ቀጥታው አማካይ ከእውነተኛው ዋጋ አነሰ። አሁን ደግሞ በለጠ። ያኔ ብዙ የገዛችሁት ከውዱ ነበር። አሁን በእኩል ብር ከርካሹ ብዙ ኩንታል ይገኛል። ስለዚህ “ትንሽ ጨምሬበት ልያዘው” ብሎ ነገር አይሠራም። ወደ የት እንደሚሳሳት አስቀድመሽ አታውቂም፣ ብዛቱን ካላየሽ።

---

የደንገጎ ሹፌር · ረቡዕ፣ ቀን 6፡10

ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት! ይሄን ስክሪን ላይ አንስቼ ለሰውዬው ላኩለት። መልሱ ምን መሰላችሁ? “ታዲያ በ60 ፈንታ በ90 ውረድ፣ አማካይህ 60 ይሆናል” 🤦 በደንገጎ ጠመዝማዛ በ90!

---

ኢንጂነሩ · ረቡዕ፣ ቀን 6፡25

እሱም አይሆንም። አሁን ገባኝ። በ90 ብትወርድ 13 ደቂቃ ከምናምን ነው። ዳገቱ 40 ደቂቃ በልቷል። 40 ኪሎሜትር በ53 ደቂቃ፣ አማካይህ 45 ይሆናል እንጂ 60 አይደርስም። 60 እንዲሆን 40ውን ኪሎሜትር በ40 ደቂቃ መጨረስ አለብህ። 40 ደቂቃው ደግሞ ገና ደንገጎ አናት ስትደርስ አልቋል። በአውሮፕላንም አትወርደው።

“በ” የምትለዋን ወድጃታለሁ ጋሼ። አራት ዓመት ስማር እንዲህ ያለኝ የለም።

---

ገንደ ቆሬ · ረቡዕ፣ ቀን 6፡40

ኢንጂነሩ ሲሳሳት ማየት እንዴት ደስ ይላል አቦ። በዚህ ሙቀት ሰው ለበርጫ ይቀመጣል እንጂ አማካይ ያሰላል?

---

ቲቸር · ረቡዕ፣ ማታ 1፡50

ይቅርታ ዘግይቼ ገባሁ። ይሄን ክር ያነበብኩት በንዴት ነው፣ ምክንያቱም የኛን ትምህርት ቤት አስታወሰኝ። ስሙን አልጠራም።

አሥረኛ ክፍል ሁለት ሴክሽን አለን። “ሀ” 62 ተማሪ፣ የሒሳብ አማካያቸው 48። “ለ” ደግሞ ተመርጠው የገቡ 18 ልጆች፣ አማካያቸው 71። ሪፖርት ላይ የተጻፈው የክፍል ደረጃው አማካይ 59.5 ነው። ጋሼ ባሉት መንገድ “በተማሪ” ብዬ ሠራሁት። 62 በ48፣ 2,976 ነጥብ። 18 በ71፣ 1,278። ድምሩ 4,254፣ ለ80 ልጅ ሲካፈል 53 ከምናምን። ስድስት ነጥብ በሙሉ ከአየር የመጣ ነው።

እሱ ይሁን። የባሰው ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ነው። ከ“ለ” ደከም ያሉ ስድስት ልጆች ወደ “ሀ” ተዛወሩ። የስድስቱ አማካይ 56 ነው። ከዚያ የሁለቱም ሴክሽን አማካይ ጨመረ! “ሀ” ከ48 ወደ 48.7፣ “ለ” ከ71 ወደ 78.5። የሁለቱ አማካይ ደግሞ 63.6 ሆነ። ስብሰባ ላይ ተጨበጨበ። ነጥቡ ግን የተወሰደው ከዚያው ከመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ነው። አዲስ ፈተና ገና አልተፈተኑም! አንድም ልጅ አንድም ነጥብ አልጨመረም። እንዴት ነው ይሄ?

---

ሂሳብ ያዧ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡15

ቆይ፣ ሁለቱም እንዴት ይጨምራሉ? አንዱ ካገኘ ሌላው ማጣት የለበትም?

---

ጋሽ ባቡር · ረቡዕ፣ ማታ 2፡48

ይሄኛው ደስ ይላል። ስድስቱ ልጆች 56 ናቸው። ለ“ለ” ከአማካዩ በታች ናቸው፣ ሲወጡለት ከፍ ይላል። ለ“ሀ” ደግሞ ከአማካዩ በላይ ናቸው፣ ሲገቡለት እሱም ከፍ ይላል። በሁለቱ መካከል ያለ ሰው ከላይ ወደ ታች ሲዛወር ሁለቱንም ቤት ያሳምራል። ቁጥሩ አልዋሸም። የሁለቱም ሴክሽን አማካይ በእርግጥ ጨምሯል።

የሚያጋልጠው ጠቅላላው ድምር ነው። “ሀ” አሁን 68 ልጅ፣ 3,312 ነጥብ። “ለ” 12 ልጅ፣ 942 ነጥብ። ደምሪው። ያው 4,254፣ ያው 80 ልጅ። 53 ከምናምን ነበር፣ 53 ከምናምን ነው። ልጆቹ ክፍል እንጂ ውጤት አልቀየሩም።

ስለዚህ ቲቸር፣ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ። “የተማሪው ቁጥር በየሴክሽኑ ስንት ነበር፣ አሁንስ ስንት ነው?” ባቡር ላይም እንዲሁ ነበር። አማካይ ጉዞ ስንባል ቶኑንና ኪሎሜትሩን አባዝተን ነበር የምንደምረው። ድሬ የሚራገፈውና አዲስ አበባ የሚደርሰው ዕቃ እኩል ክብደት አልነበረውማ። አንድ ፉርጎ ከአንዱ ተርታ ወደ ሌላው ቢዘዋወር የየተርታው አማካይ ይለዋወጣል። ጠቅላላው ቶን-ኪሎሜትር ግን ከቦታው አይነቃነቅም።

---

ቲቸር · ረቡዕ፣ ማታ 3፡10

ገባኝ። ግን አንዳንዴ ከላይ የሚመጣልን አማካይ ብቻ ነው፣ ቁጥር የለውም። “ትምህርት ቤት 1፣ 52። ትምህርት ቤት 2፣ 66።” ያኔ ምን ይደረጋል?

---

ጋሽ ባቡር · ረቡዕ፣ ማታ 3፡22

ምንም። ቁጥሩን ጠይቂ። ካልሰጡሽ ማለት የምትችዪው “ከ52 እስከ 66 ባለው ውስጥ ነው” ብቻ ነው። ከዚያ አይወጣም፣ የት እንዳለ ግን አይታወቅም። ትልቁ ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ እንኳን ካወቅሽ ወደሱ እንደሚጠጋ ታውቂያለሽ። 59 ብለሽ ብትጽፊ ግን ከኪስሽ ነው የጻፍሽው።

---

ኢንጂነሩ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

እንግዲህ ማጠቃለያው ቀጥታ አማካይ መቼም አይሠራም፣ ብዛቶቹ እኩል ካልሆኑ። ተስማማን።

---

ጋሽ ባቡር · ረቡዕ፣ ማታ 3፡44

እኔ አልተስማማሁም። ነገ ጠዋት ኦቾሎኒ ልገዛ ከቀፊራ፣ ከታይዋንና ከሳቢያን ወደ አንዱ ብቻ ልሄድ ነው እንበል። የትኛው እንደሚቀናኝ አላውቅም። ስንት ብር ልያዝ? እዚህ ጋ ሦስቱን ዋጋ ደምሬ ለሦስት ባካፍል ጥፋት የለውም። ጥያቄዬ ስለ ገበያዎቹ ነው እንጂ እዛ ስለተሸጠው ኪሎ አይደለም። ለኔ ሦስቱም እኩል ዕድል አላቸው።

---

ኢንጂነሩ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡52

ጋሼ ቀፊራ ትልቅ ስለሆነ ሰው የሚሄደው ወደዛ ነው። እሱም ይባዛ።

---

ጋሽ ባቡር · ረቡዕ፣ ማታ 3፡58

ሰው ወደዛ ይሂድ፣ እኔ ሳንቲም ጥዬ ነው የምሄደው አልኩህ እኮ!

---

ኢንጂነሩ · ረቡዕ፣ ማታ 4፡03

ሳንቲም ሁለት ፊት ነው ያለው ጋሼ፣ ገበያው ሦስት 😄 አሁንም አልተዋጠልኝም። ይቆየን።

---

የቀፊራዋ · ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡15

ልጆች፣ እኔ ቀፊራ ለውዝ ስሸጥ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ይሄን ሁሉ ስታወሩ ወላሂ ማንም ያልጠየቀው ነገር አለ። እናንተ 56 ገዝታችሁ ስንት ነው የሸጣችሁት?

ለውዝ ሲገዛ እርጥብ ነው። ጆንያ ውስጥ ይደርቃል። ደግሞ ይለቀማል። የተሰባበረው፣ የጠቆረው፣ ድንጋዩ ይወጣል። እኔ 56 ገብቶ 56 ሲወጣ አይቼ አላውቅም። አንቺ የጎደለኝ 8,400 ነው አልሽ። ይሄ እኮ የአንድ ኩንታል መሸጫ ነው!

---

ሂሳብ ያዧ · ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡40

እናቴ፣ ክው አልኩ። አሁን የሽያጭ ደረሰኞቹን አውጥቼ ደመርኩ። 55 ኩንታል ነው የተሸጠው። 55 በ8,400፣ 462,000 ብር። ከ481,200 ሲቀነስ 19,200። ሳጥኑ ላይ የጎደለው ከነፍራንኩ እሱ ነው!

እኔ የሽያጩን ኩንታል ለይቼ ጽፌ አላውቅም። የገባውን ነው የያዝኩት።

---

ጋሽ ባቡር · ሐሙስ፣ ጠዋት 5፡05

እኔም ሳልጠይቅ አለፍኩት። እርጅና ነው። እንግዲያው መሸጫ ዋጋ ስትቆርጡ 481,200ውን ማካፈል ያለባችሁ ለገዛችሁት 56 ሳይሆን ለምትሸጡት 55 ነው። 8,749 ብር ይመጣል። በኩንታል 400 ለማትረፍ ከ9,149 በታች መሸጥ አልነበረባችሁም። ገበያው ይሄን ይከፍላል ወይ የሚለው ሌላ ነገር ነው።

---

የቀፊራዋ · ሐሙስ፣ ጠዋት 5፡12

9,149 በዚህ ሰሞን? ማንም አይገዛሽም። ከፈዲሱ በዛ አድርጋችሁ መግዛት ነበረባችሁ።

---

ገንደ ቆሬ · ሐሙስ፣ ጠዋት 5፡20

ስለዚህ ልጁ ነፃ ወጣ?

---

ሂሳብ ያዧ · ሐሙስ፣ ቀን 7፡30

ከ33,200ው ነፃ ወጥቷል። አሠሪዬ ራሱ ወረቀቱ ላይ አባዝቶ አይቶ ዝም አለ። ይቅርታ ግን ገና አልጠየቀውም።

አንዱን ኩንታል በተመለከተ ሁለት ቦታ ተከፍለዋል። አሠሪዬ “56 ኩንታል ላይ አንድ ኩንታል ሙሉ በመድረቅ አይጎድልም” ይላል። ልጁ ደግሞ “የተለቀመውን ቆሻሻ እኔ ነኝ ተሸክሜ የጣልኩት” ይላል። መጋዘኑ ጋ የተለቀመ ጠቆር ያለ ሁለት ጆንያ ተኩል አሁንም ተቀምጧል፣ ግን ማንም አልመዘነውም። ሚዛኑ ዛሬ ድሬ ነው ያለው፣ ነገ ጠዋት ይመጣል።

የትናንቱን 37 ኩንታል ግን B ላይ ጽፌዋለሁ። D የሚባል ዓምድም ጨምሬያለሁ፣ ለሚሸጠው። ለጊዜው ባዶ ነው።

---

የደንገጎ ሹፌር · ሐሙስ፣ ቀን 8፡05

ሚዛኑን ከድሬ የሚያመጣ ከፈለጋችሁ እኔ 9 ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ግን ዳገት ስለሆነ በ30 ነው የምመጣው፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ።